በአንድ መሥሪያ ቤት እስከ መቼ?

«የተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፤ የግዥ ባለሙያ ነኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት መሥሪያ ቤት አይቻለሁ፤ በመጀመሪያው 10 ወር፣ በሁለተኛው 2 ዓመት ከ4 ወር፣ በሦስተኛው 1 ዓመት ከ7 ወር ቆየሁ፤ አሁን ባለሁበት ደግሞ 14 ወር ሆነኝ። ሰሞኑን ሌላ ድርጅት ከአሁኑ ደመወዜ በሩብ የሚበልጥ ክፍያ አቅርቦልኛል። ታላቅ ወንድሜ በበኩሉ በአንድ መሥሪያ ቤት 16 ዓመት ሠርቶ፣ አሁን ብወጣ ማን ይቀጥረኛል እያለ ይጨነቃል። እኔ አንድ ቦታ የማትረጋ እንዳልባል እፈራለሁ፤ እንደ እሱ መሆንም እፈራለሁ። ለመሆኑ ሰው በአንድ ድርጅት ስንት ዓመት ቢቆይ ነው ልክ የሚሆነው?»

የተከበሩ ጠያቂዬ፤

በዓመት ቆጥሬ «ይህን ያህል ይቆዩ» ብልዎ አሳስትዎታለሁ። ለረጅም ጊዜ በሰው ኃይል ሥራ ላይ ስቆይና በቅጥር ኮሚቴዎች ስቀመጥ የተረዳሁት፣ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ዙር እንዳለውና የአንድ ሰው ቆይታ ማነሱም ሆነ መብዛቱ የሚለካው በዚያ ዙር መሆኑን ነው። ዙር የምለው አንድ ውሳኔ ከተወሰነበት ቀን አንሥቶ ውጤቱ፣ ደጉም ክፉውም፣ በወሳኙ ፊት እስኪቀርብ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው። የመምህር ዙር የትምህርት ዓመቱ ነው፤ የሶፍትዌር ባለሙያ ዙር ደግሞ የሠራውን ሰዎች ተጠቅመውበት፣ ጉድለቱ ወጥቶ፣ ራሱ አርሞት እስኪያይ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። የእርስዎን ሙያ ዙር እርስዎ በሚገባ ያውቁታል፤ ከቆይታዎ ጋር አስተያይተው ግን ያዩት አይመስለኝም።

የግዥ ሥራ የሚጀምረው ከፍላጎት ነው። የሥራ ክፍሎች የሚያስፈልጋቸውን ያቀርባሉ፤ ከበጀቱ ጋር ተገናዝቦ ዓመታዊ የግዥ ዕቅድ ይዘጋጃል፤ የቴክኒክ ዝርዝር መግለጫ ይጻፋል፤ ጨረታው ይወጣል፤ ግምገማው ተካሂዶ አሸናፊው ይለያል፤ ውል ይፈረማል። ብዙ ወጣት ባለሙያ ፊርማው ሲያርፍ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የዝርዝር መግለጫው ጥራት የሚፈተነው ግን ዕቃው መጋዘን ደርሶ አገልግሎት ላይ ሲውል፣ የውሉ አንቀጾች ጥንካሬ የሚፈተነው አቅራቢው ሲዘገይ ወይም የዋጋ ማስተካከያ ሲጠይቅ፣ የጠቅላላው ሰነድ ንጽህና የሚፈተነው ደግሞ የበጀት ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ኦዲተሮች ፋይሉን ሲያገላብጡ ነው። ስለዚህ የአንድ ዕቅድ ዙር፣ ከዝግጅቱ እስከ ኦዲት አስተያየቱ ሲቆጠር፣ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

አዲስ ገቢ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጨመርበታል፤ ማንም ሰው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያስፈጽመው የሌላ ሰው ዕቅድ ነውና። በየትኛው ወቅት እንደተቀጠሩ አልነገሩኝም፤ በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ገቡ ብለን እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለሙያ ያቀደውንና የተዋዋለውን ሲያስፈጽሙ፣ ጎን ለጎንም የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ያልፋሉ። የራስዎ ዕቅድ ሥራ ላይ የሚውለው ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ነው። ዛሬ በ14ኛው ወር የራስዎ ዕቅድ ስምንተኛ ወሩን ይዟል ማለት ነው፤ ጨረታዎቹ ወጥተዋል፣ ብዙዎቹ ውሎች ተፈርመዋል፣ ርክክቡ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ በ18ኛው ወር ይዘጋል፤ የኦዲቱ አስተያየት ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት፣ ምናልባትም እስከ 24ኛው ወር ድረስ ይመጣል። አሁን ከወጡ የዘሩትን ሌላ ሰው ያጭደዋል። ድርጅቱ በዚህ መጎዳቱ አይቀርም፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እርስዎ ዘሩ መልካም ይሁን አይሁን ሳያውቁ መሄድዎ ነው።

አንድ ያየሁትን ጉዳይ ላንሣ። አብሮን ይሠራ የነበረ ትጉህ የግዥ ባለሙያ ለቢሮዎች ፕሪንተሮች ገዛ። የጻፈው ዝርዝር መግለጫ ስለ ፍጥነታቸው፣ ስለ ወረቀቱ መጠንና ስለ ዋስትናው በሚገባ ይናገር ነበር፤ አንድ ቶነር ስንት ገጽ እንደሚያትምና ዋጋው ስንት እንደሆነ ግን ተጫራቾችን አልጠየቀም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ፤ ግዥው ከተያዘለት በጀት በታች ስለተፈጸመ ባለሙያው ተመሰገነ፤ ዓመት ሲሞላውም የተሻለ ቦታ አግኝቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየነው እኛ የቀረነው ነን። ቶነሮቹ ቶሎ ቶሎ ያልቁ ነበር፤ ለእነዚያ ማሽኖች የሚሆነው ቶነር ደግሞ የሚገኘው ከአንድ አቅራቢ ብቻ ስለነበር በዋጋው መደራደር አልተቻለም፤ በሁለተኛው ዓመት የቶነሩ ወጪ ማሽኖቹ ከተገዙበት ዋጋ አለፈ። ያ ሰው ያንን ግዥ በሲቪው ላይ እንደ ስኬት ጽፎት እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ይህንንም ያደረገው ዋሽቶ ሳይሆን የሚያውቀው እስከዚያ ድረስ ብቻ ስለሆነ ነው። በሚቀጥለው መሥሪያ ቤትም ያንኑ ዓይነት መግለጫ ይጽፋል፤ ስሕተቱን ያሳየው የለምና። ቶሎ ቶሎ ከመቀየር የሚመጣው ትልቁ ጉዳት ከሰው ሐሜት የከፋ ይህ ነው፤ ሰው የራሱን ስሕተት ሳያገኘው ስድስት ዓመት ሊሠራ ይችላል።

ልምድ ያለው ቃለ መጠይቅ አድራጊ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ የወራቱን ቁጥር ብቻ አይቶ ሰው አይጥልም። የእርስዎ ሲቪ በእጄ ቢገባ፣ 10 ወሩን የመጀመሪያ ሥራ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። 2 ዓመት ከ4 ወሩ ላይ ቆም ብዬ ግን «በዚያ መሥሪያ ቤት እርስዎ መግለጫውን ጽፈውለት ተገዝቶ፣ በኋላ ችግር ያመጣ ዕቃ ነበር? ምን አደረጉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዕቃውን፣ ችግሩን፣ በሚቀጥለው ጨረታ ላይ የተጨመረውን ወይም የተለወጠውን መስፈርት ጠቅሶ የሚመልስ ሰው ቆይታው አጭር ቢሆንም ለእኔ በቂ ነው። በአንጻሩ አራት ዓመት ቆይተው ለዚህ ጥያቄ የሚናገሩት ነገር ያጡ ሰዎች ገጥመውኛል። ወደ ሁለተኛው መሥሪያ ቤትዎ መለስ ብለው ይህን ጥያቄ ለራስዎ ያቅርቡ፤ እዚያ አንድ ሙሉ ዙር ጨርሰው ከሆነ፣ ስለ አለመርጋት ያለዎት ስጋት ከሚያስቡት ያነሰ ነው።

ይህን ስል የወራቱ ቁጥር ጨርሶ አይታይም ማለቴ አይደለም። ቀጣሪ አዲስ ሰው ለማስገባት ማስታወቂያ ያወጣል፣ ይፈትናል፣ ያለማምዳል፤ ገቢው አሠራሩን አውቆ ራሱን ችሎ እስኪሠራ ድረስም ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ የሚሄድበት ሰው ኪሳራ ነው። ስለዚህ አጭር ቆይታን በባንክ እንዳለ ጥቂት ገንዘብ ቢያዩት ይሻላል፤ ሲያስፈልግ ይወጣል፣ በወጣ ቁጥር ግን ይቀንሳል። አሁን ቢለቁ ከ28 ወር ወደ 19፣ ከ19 ወደ 14 እያለ ቆይታዎ እየጠበበ የሚሄድ ሆኖ ይነበባል። አዲሱ ቦታ እንደተነገረዎ ባይሆን፣ አለቃው ቢከፋ ወይም ሥራው ሌላ ሆኖ ቢገኝ፣ በስድስተኛው ወር ውልቅ ብለው ለመውጣት የሚያስችል ነገር በእጅዎ አይቀርም፤ የከፋውን ቦታ ለሲቪዎ ሲሉ ችለው ይቀመጣሉ። 24 ወር ሞልተው ቢወጡ ግን ቀጣዩ ቦታ ባይስማማዎ ቶሎ መልቀቅ ይችላሉ፤ የሚያይዎም ሰው ምክንያትዎን ያምናል። ሰዎች ሥራ ሲቀይሩ ደመወዙን ያሰላሉ፣ ርቀቱን ያሰላሉ፤ ይህን ነጻነት የሚያሰላ ግን ጥቂት ሰው ነው ያጋጠመኝ።

የደመወዙን ነገር ደግሞ አቅልዬ ላሳይዎ አልፈልግም። የአሁኑ 100 ቢሆን አዲሱ 125 ነው፤ ያሉበት ድርጅት በየዓመቱ 6 በመቶ እየጨመረ ቢሄድ እንኳ 125ን ለማለፍ አራት ዓመት ይፈጅብዎታል። በውስጥ ያለ ሰው ጭማሪ የሚሰላው ሲቀጠር በተሰጠው ደመወዝ ላይ ነው፤ አዲስ ተቀጣሪ የሚገባው ግን በዕለቱ ገበያ ነው። ለዓመታት የቆዩ ሠራተኞች ትናንት ከተቀጠሩት በደመወዝ አንሰው የሚገኙትም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ገንዘቡን መመዘንዎ ተገቢ ነው፤ የምለምንዎ በወር ደመወዙ ብቻ እንዳይመዝኑት ነው።

በመጀመሪያ ቅጥሩ ቋሚ ነው ወይስ በጊዜ የተገደበ የሚለውን ይጠይቁ። የ18 ወር ፕሮጀክት ነው እንበል። 18 ወር በ125 ሲባዛ 2250 ይሆናል። ፕሮጀክቱ አልቆ ሌላ ሥራ እስኪገኝ አራት ወር ቢፈጅ፣ በ22 ወር ውስጥ ያገኙት ይኸው 2250 ነው። ባሉበት ቢቆዩ ደግሞ ለ12 ወር 100፣ ከጭማሪው በኋላ ለ10 ወር 106 ይከፈልዎታል፤ ድምሩ 2260 ነው። በሩብ ይበልጣል የተባለው ደመወዝ በዚህ ስሌት አንድም አልበለጠም። ቅጥሩ ቋሚ ከሆነ ግን በ22 ወር 2750 ይሆናል፤ ብልጫው 490 ነው፤ ይህም ወደ አምስት ወር የሚጠጋ የአሁኑ ደመወዝዎ ነው። ያንን ለመተው ምክንያት ያስፈልጋል። በሁለቱም ቦታ በአገልግሎት ዘመን ልክ የሚያድጉ ጥቅሞችን፣ ማለትም የዓመት ፈቃዱን፣ የፕሮቪደንት ፈንዱንና የስንብት ክፍያውን ከውሉ ላይ አንብበው ይጨምሩበት፤ አዲሱ ቦታ በሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ ብዙ ሥርዓት ሊያሰናብትዎ የሚችል መሆኑንም አይርሱ።

ዙር መጠበቅ የማይገባበት ሁኔታም አለ። ደመወዝ በጊዜው የማይከፈል ከሆነ፣ የሰው ክብር የሚነካ አለቃ ካለ፣ ወይም የተቀጠሩበት ሥራ ሌላ የሚሠሩት ሌላ ከሆነ መቆጠር ያለበት የመውጫው ቀን ነው። በእርስዎ ሙያ በተለይ አንድ ነገር ልጨምር። ግልጽ ጨረታ እንዳይወጣ ግዥውን ከፋፍለው እንዲያቀርቡ፣ ባልተገኙበት የግምገማ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲፈርሙ፣ ወይም ያለፈ ቀን ጽፈው እንዲፈርሙ የሚጠይቅዎ ሰው ካለ፣ እምቢታዎን በጽሑፍ ያድርጉ፣ ለሚመለከተው ክፍልም ያሳውቁ፤ ካልተስተካከለ 14ኛው ወር ነው ብለው አይጠብቁ። አለቃው ይቀየራል፣ ፊርማው ግን በፋይሉ ውስጥ ከእርስዎ ስም ጋር ይቀራል። ደብዳቤዎ እንዲህ ያለ ነገር ስላልጠቀሰ የለም ብዬ ወስጃለሁ።

ወንድምዎን በሚመለከት፣ 16 ዓመት መቆየታቸው በራሱ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጋሪ ቤከር ሠራተኛ በሥራ ላይ የሚያገኘውን ሥልጠና ለሁለት ይከፍሉት ነበር፤ አንደኛው በየትኛውም ቀጣሪ ዘንድ የሚያገለግል አጠቃላይ ዕውቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ድርጅት ብቻ የሚሠራ ዕውቀት ነው። የትኛው መጋዘን ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ፣ የትኛው ኃላፊ በየትኛው ቀን እንደሚፈርም፣ የቆየው ፋይል የት እንደተቀመጠ ማወቅ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ይህ ዕውቀት በውስጥ ትልቅ ክብር ያስገኛል፤ በር ላይ ሲደርሱ ግን ይቀራል። አንድ ሰው ከልክ በላይ ቆየ የምለው፣ በየዓመቱ የሚጨምረው ዕውቀት ከመጀመሪያው ዓይነት ወደ ሁለተኛው ዓይነት ሙሉ በሙሉ ሲዞር ነው።

ይህን የምናገረው በራሴ ስለደረሰ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አሳደጉኝ፣ የኋለኞቹን አራት ግን ለምን እንደቆየሁ እስከ ዛሬ በቂ ምክንያት አላገኘሁላቸውም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ስለነበር ያደግሁ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ሌላ ቦታ አመልክቼ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ፣ የሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዴት እንደምመራ ተጠየቅሁ። የራሳችንን ቅጾች በቁጥራቸው እየጠራሁ ቅደም ተከተሉን በልበ ሙሉነት አስረዳሁ። ጠያቂዋ በትሕትና ሰምተውኝ «እነዚህ ቅጾች ባይኖሩስ ምን ይመዝናሉ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ቅጹን እንጂ ምዘናውን እንደማላውቀው በዚያች ደቂቃ ገባኝ፤ ሥራውንም አላገኘሁም።

ወንድምዎ ከዚያ ቀን በፊት ራሳቸውን መፈተን ይችላሉ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሥራ፣ እያንዳንዱን ዓመት ለብቻው፣ ማስታወሻ ሳያዩ በአንዳንድ ገጽ ይጻፉ። ሦስቱ ገጾች ከቀን በቀር አንድ ዓይነት ከሆኑ ዙሩ ማስተማር አቁሟል ማለት ነው። ዓመታቱ የየራሳቸው አዲስ ነገር ካላቸው ግን 16 ዓመቱ ሀብት ነው፤ የጎደለው የአቀራረቡ ነገር ይሆናል። ቀጥለው በሙያቸው የወጡ አምስት የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ሰብስበው፣ የሌላቸውን መስፈርት ሁሉ በእስክሪብቶ ያስምሩበት። በአንዱ ማስታወቂያ ላይ ብቻ የታየው አያስጨንቃቸው፤ ከአምስቱ በሦስቱ የተደጋገመው ግን ትክክለኛው ክፍተታቸው ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ክፍተት አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም አንድ የሙያ ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል። «ማን ይቀጥረኛል» የሚለው የጨለመ ፍርሃት በስድስት ወር ሊሞላ ወደሚችል ጉድለት ይለወጣል።

ሲቪያቸውንም ይመልከቱላቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ስም ሥር 16 ዓመት በአንድ መስመር ተጽፎ ከሆነ፣ የሚያነበው ሰው የሚያየው አንድ ሥራ ነው። የያዟቸውን የሥራ መደቦች ከነዓመታቸው ይለያዩዋቸው፣ በእያንዳንዱ ሥር ምን እንደተለወጠ ይጻፉ። ቀጣሪ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ሰው የሚፈራው «የእኛን አሠራር ይለምድ ይሆን?» ብሎ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የመሩት ወይም ያለፉበት አንድ ትልቅ የአሠራር ለውጥ በዝርዝር ቢቀመጥ ያንን ፍርሃት ከማንኛውም ምስክር ወረቀት ይበልጥ ያበርደዋል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን እዚያው መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ የሥራ ክፍል መዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የአገልግሎት ዘመናቸውን ሳያጡ አዲስ ዙር የሚጀምሩበት መንገድ እርሱ ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ፕሮፌሰር ቦሪስ ግሮይስበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዎል ስትሪት የሚሠሩ ኮከብ የተባሉ የኢንቨስትመንት ተንታኞችን አጥንተው፣ ድርጅት ሲቀይሩ የሥራ ውጤታቸው በአማካይ እንደሚወርድ አሳይተዋል፤ የግል ችሎታ ብቻ ይመስል የነበረው ውጤት ከፊሉ የነበሩበት ድርጅት፣ የባልደረቦቻቸውና የአሠራሩ ነበር። በዚያው ጥናት ሴቶቹ ከወንዶቹ በተሻለ ሁኔታ ውጤታቸውን ይዘው መሻገር መቻላቸውም ተስተውሏል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሚሄዱበትን ቦታ ከመቀበላቸው በፊት በጥንቃቄ መመርመራቸው ነበር። ይህን የማነሣው ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ለመንገር ነው። ቦታውን ከእርስዎ በፊት የያዘው ሰው ማን እንደነበረ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየና ለምን እንደሄደ ይጠይቁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው የተቀያየረበት ወንበር ከሆነ፣ ሩቡ ጭማሪ የተሰጠው ለእርስዎ ችሎታ ሳይሆን ለወንበሩ ክፋት ሊሆን ይችላል። ከተቻለ በዚያ ድርጅት የሚሠራ ወይም ሠርቶ የወጣ ሰው ፈልገው፣ የግምገማ ኮሚቴው ውሳኔ በኃላፊዎች በተደጋጋሚ ይሻር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለግዥ ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለም።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። የቀረበልዎ በጊዜ የተገደበ ቅጥር ከሆነ፣ ወይም ሥራው አሁን ከሚሠሩት ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ይለፉት፤ ስሌቱም ዙሩም አያግዘውም። ቋሚ ከሆነና ዛሬ የማይሠሩትን ሥራ፣ ለምሳሌ የውል አስተዳደርን ወይም የግምገማ ኮሚቴ መምራትን የሚሰጥዎ ከሆነ፣ ወዲያው እሺም እምቢም ሳይሉ የመጀመሪያውን ቀን ያዘግዩ። የበጀት ዓመቱን ዘግተውና ዋና ዋናዎቹን ርክክቦች አስፈጽመው ለመምጣት አራት ወር ይጠይቁ፤ እስከ ኦዲቱ ባይደርሱም ከዙሩ ትልቁን ክፍል ያዩታል። አራት ወር የሚጠብቅዎ ድርጅት በእርግጥ እርስዎን ይፈልጋል፤ ሁለት ሳምንት ብቻ የሚሰጥዎ ደግሞ ክፍት የሆነበትን ወንበር ለመሙላት እየተጣደፈ ሊሆን ይችላል፤ ለምን እንደተጣደፈ መጠየቅ አይክፋዎ። ካልጠበቀዎ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እቆያለሁ፤ አምስት ወር የሚጠጋ ደመወዝ ማጣቱ እየቆጨኝም ቢሆን እቆያለሁ።

ከቆዩ ዝም ብለው አይቁዩ። የዛሬ አሥር ወር ገደማ፣ የኦዲቱ አስተያየት ሲደርስ፣ ግኝቶቹን ከጻፏቸው መግለጫዎችና ውሎች ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ፣ ስሕተቱ የት እንደነበረም በግል ማስታወሻዎ ይያዙ። በዚያው ሰሞን ለቅርብ ኃላፊዎ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ለእርስዎ ምን አዲስ ነገር እንዲኖረው እንደሚፈልጉ በግልጽ ያቅርቡላቸው፤ ከፍ ያለ መጠን ያለው ግዥ፣ ያልሞከሩት የግዥ ዓይነት፣ ወይም የሚመሩት ሰው ሊሆን ይችላል። የደመወዝዎንም ጉዳይ ያን ጊዜ ከውጤቱ ጋር ያንሡት፤ የሌላ ድርጅት ደብዳቤ እንደ ማስፈራሪያ ከማቅረብ ይልቅ ያስፈጸሙትን ማቅረብ ለእርስዎም ለእሳቸውም ይቀላል። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ካላገኙ፣ ሁለተኛውን የራስዎን ዕቅድ እያስፈጸሙ ማመልከት ይጀምሩ። አንዱን ካገኙ ደግሞ ጥያቄውን በሚቀጥለው የዕቅድ ዝግጅት ሰሞን መልሰው ለማንሣት ቀን ይቁረጡለት።